ሁለት ስም፣ አንድ አሻራ

የወርቅውሃ የሻው አሶሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ የመምህራኑን ክፍልና ኮሪደሩን ትጠርጋለች፤ ከሰዓት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን ትወለውላለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። የተወለደችው ፓዌ ነው፤ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። አባቷ የሻው ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። እናቷ ወለተሥላሴ ዛሬም እዚያው ፓዌ፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች።

ታላቅ ወንድሟ ሰራዊት አሶሳ ከተማ በአንድ ቢሮ የሰው ሀብት ባለሙያ ነበር። እሷንም ወደ አሶሳ ያመጣት፣ ሥራውንም የፈለገላት እሱ ነው። በ2016 ክረምት ላይ እግሩ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጥቅምት ላይ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጭ መሆናቸው ተነገረው፤ ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሳምንት ሦስት ጊዜ ዲያሊሲስ ያደርግ ጀመር።

ኩላሊት ለመለገስ ቤተሰቡ በሙሉ ተመረመረ። እናትየዋ ደም ግፊት ስላለባት አይሆንም ተባለ። የታናሽ ወንድምየው ደም አልገጠመም። የገጠመው የወርቅውሃ ብቻ ነበር። ሕክምናው ህንድ አገር እንዲሆን ተወሰነ፤ የሰራዊት የሥራ ባልደረቦችና የፓዌ ሰዎች ተባብረው ወጪውን አሟሉ።

ጥር መጀመሪያ ላይ ሰራዊት ደወለላት።

«የወርቄ፣ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ልኳል» አላት። «ለጋሿ የታካሚው እህት መሆኗ በሰነድ መረጋገጥ አለበት ይላሉ። ፓስፖርትሽ፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽ፣ ፋይዳ መታወቂያሽ፣ ሁሉም ላይ የአባታችን ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካልሆነ ኮሚቴው አይፈቅድም።»

«እሺ» አለችው።

«ፓስፖርቱን ቶሎ አውጪ። ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ነው አሉኝ።»

«እሺ ወንድሜ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ዘግታም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቆየች። አልጋው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ነበራት። ፎቶው የእሷ ነው። ስሙ ግን የወርቅውሃ አይደለም። «ሀምዲያ ጀዕፈር» ይላል።

በ2003 ዓ.ም. ጂዳ የሄደችው በዚያ ስም ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደላላው ቀጣሪዎቹ የሚፈልጉት የሙስሊም ስም ያላትን ልጅ እንደሆነ ለእሷና ለሰራዊት ነገራቸው፤ ዕድሜዋም ሃያ አምስት መባል አለበት አለ። ወረቀቱን ከየት እንዳመጣው አልጠየቁትም። ሰባት ዓመት ሀምዲያ ተብላ ተጠራች። በ2008 ፓስፖርቱ ሲያልቅ ጂዳ ባለው ቆንስላ ሄዳ፣ አሻራ ሰጥታ፣ በዚያው ስም አሳደሰችው። በምትልከው ደመወዝ ሰራዊት ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ፤ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። አባቷ የሞተው እሷ እዚያ እያለች ነው። በ2010 ስትመለስ ፓስፖርቱን ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ስሙም አብሮ የቀረ መሰላት። ፋይዳ ስትመዘገብ በእውነተኛ ስሟና በእውነተኛ የልደት ዘመኗ ተመዘገበች።

ሰራዊት በደወለ ማግስት ከሥራ ስትወጣ ወደ ኢዘዲን ሱቅ ሄደች። ኢዘዲን ከገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳና በኢንተርኔት ማመልከቻ የሚሞላ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ የበርታ ሰው ነው። አማርኛን ያወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ፣ ሴቱንም ወንዱንም አንዳንዴ በአንድ ዓይነት ይጠራል፤ ማንም በዚህ አይቀየመውም።

«እህቴ፣ ቁጭ በል» አላት ወንበሩን እየገፋላት። «ፋይዳ አለ?»

«አለኝ።» ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ሰጠችው። ኮምፒውተሩ ላይ አስገባው።

«አሁን ወደ ስልክህ ኮድ ይመጣል። ንገረኝ።»

ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ኢዘዲን የተመዘገበውን ስልክ መጨረሻ ቁጥሮች ከስክሪኑ አነበበላት።

«ወይኔ፣ እሱ የድሮው ቁጥሬ ነው» አለች። «ሲሙ ከጠፋብኝ ዓመት ሆነው። ሌላ አወጣሁ።»

«ለፋይዳ አልነገርክም?»

«መንገር አለብኝ እንዴ?»

«ስልክ ከተቀየረ መንገር ነው። ኮዱ በእሱ ነው የሚመጣው። ከዚህ ሆኜ አልችልም፤ ጣቢያ ሄደህ በአሻራ ነው የሚቀየረው። ነገ ሂድና ተመለስ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ የፋይዳ መመዝገቢያ ጣቢያ ሄደች። ሦስት ሰዓት ያህል ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ አሻራዋ ተነበበ፤ ማንነቷ ተረጋገጠ፤ አዲሱ ስልክ ቁጥር ገባ። ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ቀን ጠበቀችና ወደ ኢዘዲን ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ኮዱ መጣ።

ኢዘዲን የፓስፖርቱን ገጽ ከፈተ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ በጣቱ አሳያት።

«እዚህ ጋ አራት ነገር አለ። አዲስ፣ እድሳት፣ የጠፋ፣ እርማት። ከዚህ በፊት ፓስፖርት ነበረህ ወይስ የለም?»

የወርቅውሃ መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እድሳት ካለች የሚታደሰው ሀምዲያ ነው፤ ሀምዲያ ደግሞ የሰራዊት እህት አይደለችም። እርማት ካለች ለምን እንደሚታረም ትጠየቃለች። ያን ስም የማታውቀው እናቷም ትሰማለች፤ ጊዜውም ይረዝማል። ሰራዊት ደግሞ ጊዜ የለውም።

«አልነበረኝም» አለች።

«አዲስ» አለ ኢዘዲን፤ ተጫነው።

ስሟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ከፋይዳው ጋር አንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ ሁለቴ አስነበባት። የልደት ምስክር ወረቀቷን አንስቶ ጫነ። ከቅርንጫፎቹ ዝርዝር ውስጥ አሶሳን መረጠ። ቀጠሮ የሚያዝባቸው ቀናት ሲወጡ ቅርቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱን መረጡ። ክፍያውን በስልኳ ከፈለች፤ የማመልከቻ ቁጥሩና ቀጠሮው ያለበት ወረቀት ታትሞ ወጣ።

«ይህን ወረቀት አትጣል» አላት። «ቀኑን ካለፍክ ሌላ ችግር ነው።»

በቀጠሮዋ ቀን ከሰዓቷ ቀድማ ደረሰች። ተራዋ ሲደርስ የተቀበለቻት ሠራተኛ ደረቷ ላይ «ፍሬሕይወት» የሚል ስም የለጠፈች፣ ፈገግ የማትል ግን የማትቆጣ ሴት ነበረች። ዋናዎቹን ሰነዶች ከተጫኑት ጋር አስተያየች።

«ከዚህ በፊት ፓስፖርት አውጥተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

ፎቶ ተነሣች። አሥሩንም ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። የቀኝ አውራ ጣቷ ሁለቴ እንቢ አለ፤ በበረኪና ብዛት ቆዳው ተልጦ ነበር። ሦስተኛው ላይ ተነበበ። ስትወጣ ነገሩ ያለፈ መሰላት። ለሰራዊትም «አሻራ ሰጥቻለሁ» ብላ ደወለችለት። እሱም ሆስፒታሉን ለሚያዝያ ቀን እንዲይዙለት ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ኢዘዲን በማመልከቻ ቁጥሩ ያለበትን ደረጃ በየጊዜው እያየ ይነግራት ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አራት ሳምንት አለፈ፤ ያው ነው። ከእሷ በኋላ አሻራ የሰጠች አንዲት መምህርት ፓስፖርቷን ስትቀበል አየች።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን እየወለወለች ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ የወርቅውሃ የሻው? ከፓስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ነገ ጠዋት ይምጡ። የቀድሞ ፓስፖርትዎን ይዘው ይምጡ።»

«የቀድሞ» የሚለውን ስትሰማ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ፍሬሕይወት ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርት ገልጣ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እሷን አየች።

«ይህ አሻራ በሀምዲያ ጀዕፈር ስም ተመዝግቧል» አለች። «ፓስፖርት አልነበረኝም ብለው ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን?»

የወርቅውሃ ነገረቻት። ስለ ደላላው፣ ስለ ጂዳ፣ ስለ ሰራዊት ኩላሊት። ስታወራ ማልቀስ አልፈለገችም፤ ግን አለቀሰች። ፍሬሕይወት እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«እህቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። አሁን የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ አስፍረው ይፈርሙልኛል፤ ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ። ይህኛው ማመልከቻ ግን እዚህ ላይ ቆሟል። አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ፓስፖርት ሊኖረው አይችልም።»

«ወንድሜ እየሞተብኝ ነው።»

«ገብቶኛል። መጀመሪያውኑ ይህን ፓስፖርት ይዘው መጥተው እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ መንገዱን አጋምሰውት ነበር።» ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። «ፍርድ ቤት ያመልክቱ። ሁለቱም ስሞች የእርስዎ መሆናቸውን፣ ትክክለኛው ስምና የልደት ዘመን የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጥ ውሳኔ ያምጡ። ከዚያ በእርማት በኩል በኢንተርኔት እንደገና ያመለክታሉ፤ ውሳኔውን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ይህን ፓስፖርት ያያይዛሉ። አዲስ ቀጠሮ ይይዛሉ።»

የወርቅውሃ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። የሚያዝያው ቀጠሮ እንደማይደርስ አወቀች። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጋ ለሰራዊት ደወለች። ሁሉንም ነገረችው፤ የዋሸችበትንም ጭምር።

«ሰራዊት? አለህ?»

«አለሁ» አለ። «ያን ፎርም ማን እንደሞላው ረሳሽው?»

አልረሳችውም። በ2003 ደላላው ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ «ሀምዲያ ጀዕፈር» ብሎ የጻፈው ሰራዊት ነው። እሷ ያን ጊዜ ቶሎ መጻፍ አትችልም ነበር። ጥር ላይ ሲደዋወሉም ሁለቱም ያን ስም አላነሡም።

«ስምሽን በእጄ ሰርዤ ነው የሸኘሁሽ» አላት። «ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የማደርገውን አውቅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ፈልጌ ነበር።»

«ተው እንጂ። ሁላችንም ተስማምተን ነው።»

«አባባ አልተስማማም። አባባ አያውቅም ነበር። እማማም እስከ ዛሬ አታውቅም።»

ልክ ነበር። ወላጆቻቸው የሚያውቁት ልጃቸው ዓረብ አገር መሄዷን እንጂ በምን ስም እንደሄደች አልነበረም። አሁን ግን ፍርድ ቤቱ ምስክር ይፈልጋል። ስለ ልደቷ ደግሞ ከወለደቻት በላይ የሚመሰክር የለም።

ወለተሥላሴ ከፓዌ ሁለት ቀን ተጉዛ አሶሳ ገባች። የወርቅውሃ የሆነውን የነገረቻት ራት ላይ ነው። አሮጊቷ እጇን ከምግቡ ላይ አነሣች።

«ጀዕፈር ማን ነው?» አለች።

«ማንም አይደለም እማማ። ደላላው ያመጣው ስም ነው።»

«ማንም ያልሆነ ሰው ልጅ ሆነሽ ሰባት ዓመት ኖርሽ?»

«እማማ…»

«አባትሽ ሊሞት ሲል ማታ ማታ በስምሽ ይጣራ ነበር። የወርቅውሃ፣ የወርቅውሃ እያለ። እኔ ደግሞ ትሰማሃለች እለው ነበር። ለካ በዚያ ስም የሚሰማ ሰው አልነበረም።»

ወለተሥላሴ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ከ«ውሃ አቀብይኝ» ያለፈ ቃል አልወጣትም።

ፍርድ ቤት ግን ቆማ መሰከረች። ዳኛው ስሟን፣ ዕድሜዋንና መኖሪያዋን ጠይቀው ሲያበቁ፣

«አመልካቿን ያውቋታል?» አሏት።

«አሳምሬ ነው እንጂ። ከሆዴ ነው የወጣች።»

«ስሟ ማነው?»

«የወርቅውሃ የሻው። የሻው ራሱ ነው ያወጣላት።»

«መቼ ተወለደች?»

«በሰማንያ ስድስት፣ ማሽላው ሲታጨድ። እህል ላይ ሆኜ ነው ምጡ የያዘኝ።»

«ሀምዲያ ጀዕፈር በሚል ስም ፓስፖርት ማውጣቷን ያውቁ ነበር?»

ወለተሥላሴ ወደ ልጇ ዞር አለች፤ ከመጣች ጀምሮ ፊት ለፊት ስታያት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አላውቅም ነበር» አለች። «ብታማክረኝ እንቢ እል ነበር። እንቢ ብል ደግሞ ልጆቼን የማበላው አልነበረኝም። እውነቱ ይህ ነው ጌታዬ።»

ሁለተኛው ምስክር የፓዌ ጎረቤታቸው የነበረ ሰው ነው። ዳኛው ምስክሮቹን ከሰሙና ሁለቱን ሰነዶች ከመረመሩ በኋላ ለውሳኔ ሌላ ቀን ቀጠሩ። በዚያ ቀን አንድ ማስረጃ ጎደለ ተብሎ እንደገና ተቀጠረ። ሚያዝያ ሲያልቅ ውሳኔው ወጣ፤ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው፣ ትክክለኛው የወርቅውሃ የሻው መሆኑ፣ የልደት ዘመኗም 1986 መሆኑ ተረጋገጠ።

የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም አስመትታ ወደ ኢዘዲን ሱቅ ስትገባ አፈረች። ባለፈው ዋሽታው ነበርና።

«ኢዘዲን፣ ፓስፖርት ነበረኝ» አለችው። «ሀምዲያ በሚል ስም።» አሮጌውን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ኢዘዲን አገላበጠው። «ሀምዲያ የእናቴ ስም ናት» አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ለምን? ስሙ ምን አጠፋ? ስሙ ጥሩ ነው። የሰው ሲሆን ነው ችግሩ።» መነጽሩን አደረገ። «ወላሂ ያን ቀን ብትነግረኝ፣ እርማት ነበር የምጫነው። እኔ የምሞላው ሰው የነገረኝን ነው።»

በዚህ ጊዜ የቀድሞውን ፓስፖርት ቁጥር አስገባ። ይለወጥ በሚለው ውስጥ ስምን፣ የአባት ስምንና የልደት ዘመንን መረጠ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ገጽ በገጽ አንስቶ ጫነ፤ አንዱ ገጽ ደብዝዞ ስለወጣ እንደገና አነሣው። ቀጠሮው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተገኘ። ሲያበቃ ሁሉንም ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እሷም እያንዳንዱን በጣቷ ተከተለች።

ፍሬሕይወት በቀጠሮው ቀን ሰነዶቹን ተቀብላ ስታይ፣ «አሁን የተሟላ ነው» ብቻ አለች። ጣቶቿ በዚህ ጊዜ በአንዴ ተነበቡ። ስለ ሐሰቱ መግለጫ የጻፈችው ወረቀት ከፋይሏ ጋር እንደተያያዘ ነበር፤ ከማስጠንቀቂያ ያለፈ ነገር አልመጣባትም።

ፓስፖርቱ በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ደረሰ። ተቀብላው ስትወጣ እዚያው በር ላይ ቆማ ገለጠችው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የልደት ዘመኗ ትክክል ነበሩ። ለሰራዊት ደወለች፤ ያነሣችው ግን አጠገቡ ሆና የምታስታምመው የአጎታቸው ልጅ ነበረች።

«ሆስፒታል ነን» አለቻት። «ለዲያሊሲሱ ሰውነቱ ላይ በተተከለው ቱቦ በኩል ኢንፌክሽን ገባበት። አምስተኛ ቀናችን ነው።»

የወርቅውሃ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረች። ስትደርስ ሰራዊት ከስቶ፣ ጠቁሮ አገኘችው። ፓስፖርቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ገልጦ አነበበው።

«የሻው» አለ።

ሐኪሞቹ ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ መጓዝ የለም አሉ። ዳነ፤ ግን አንድ ወር ተኩል ፈጀ። በዚያ ትኩሳት ጊዜ የግራ ጆሮው መስማት አቆመ። መድኃኒቱ ነው አሉ አንዳንዶቹ፤ ሌሎቹ በሽታው ራሱ ነው አሉ። ነሐሴ ላይ ህንድ ገቡ። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሁለቱን ለየብቻ ጠርቶ፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸውንና ፓስፖርታቸውን አስተያይቶ፣ ስለ ስም እርማቱም ጠይቆ ፈቀደ። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው። ኩላሊቱ ሥራውን ጀመረ።

ዛሬ ሰራዊት አሶሳ ተመልሶ በግማሽ ቀን ይሠራል። የሚያናግረው ሰው በቀኝ በኩል እንዲቆም ይጠይቃል። የወርቅውሃም ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች፤ ከባድ ባልዲ እንዳታነሣ ተነግሯት የምትሠራው ቤተ መጻሕፍቱን ብቻ ነው። ወለተሥላሴ በየሳምንቱ እሑድ ትደውልላቸዋለች። ከሰራዊት ጋር ረጅም ታወራለች። ከሴት ልጇ ጋር ግን አሁንም አጭር ነው፤ ጤንነቷን ትጠይቃትና፣ ቁስሉ ሻረ ወይ ትላትና ትዘጋለች።

እሑድ እሑድ ሁለቱ ወንድምና እህት አብረው ምሳ ይበላሉ። ሰራዊት አንዳንዴ የተባለው ሳይሰማው ቀርቶ «ምን አልሽ?» ሲላት፣ የወርቅውሃ አንገቷን ትደፋለች። መጀመሪያውኑ እውነቱን ተናግራ ቢሆን ኖሮ ለሚያዝያው ቀጠሮ ይደርሱ፣ ጆሮውም ይተርፍ እንደነበረ ታስባለች። እሱም አንገቷን ስትደፋ ምን እንደምታስብ ያውቃል። እሱ ደግሞ በእጁ የጻፈውን ፎርም ያስባል። ከዚያ የስልክ ንግግር በኋላ ግን ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እሷ ተነሥታ ወንበሯን ወደ ቀኙ ታዞርና ያለችውን ደግማ ትነግረዋለች።